ሹሩባን በፎቶ መመዘን፦ ጥያቄና መልስ

ከደሴ፦ የእህቴ ልጅ ለሠርግ የተሠራችው ሹሩባ ፎቶ ይኸውና። መስመሩ ቀጥ ስላለ ጥሩ ሥራ ነው ማለት አይቻልም?

መስመሩ በእርግጥ የጠራ ነው፤ ከግንባር እስከ ማጅራት አልተጣመመም፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያፈነገጠ ፀጉርም አይታይም። ይሁን እንጂ መስመር የሚመሰክረው ስለ ሠሪዋ እጅ ነው፤ ስለ ራስ ቆዳው ለማወቅ ፎቶውን አጉልተው ከጆሮዋ በላይ ያሉትን ሦስት ጉንጉኖች ይመልከቱ። በሥራቸው ዙሪያ ቆዳው እንደ ድንኳን ተነሥቷል፣ ጥቃቅን ሽፍታም ወጥቷል፤ የመሃሎቹ ግን ቆዳው ላይ ተኝተዋል። ስለዚህ ውጥረቱ እኩል አይደለም። ምክንያቱ ሁሉም ወደ አናት ተስበው በአንድ ላይ መታሰራቸው ይመስለኛል፤ የጠርዝ ፀጉር ስስ ስለሆነ የአናቱ የሚችለውን ስበት አይችልም፣ በዚያ ላይ የዊጉ ክብደት ተጨምሮበታል።

ከወልዲያ፦ ሹሩባ ጠበቅ ካላለ በሳምንቱ ይፈታል። የሚያብረቀርቅ ቆዳም የመወጠር ምልክት ነው ይባላል።

ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው። ቅባት፣ ጄልና የካሜራ መብራት ቆዳን ያብለጨልጫሉ፤ መስመሮቹ ሁሉ እኩል ካበሩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቅባቱ ነው። የሚያሳስበው በጉንጉኑ ሥር ብቻ የሚታይ፣ ከእብጠት ጋር የመጣ ማብረቅረቅ ነው። ጥንካሬን በተመለከተ ደግሞ፣ ጉንጉኑ እስከ ጫፉ በእኩል እጅ ከተሠራ ሥሩ ላይ ሳይጨነቅም ይቆያል።

ከኮምቦልቻ፦ እኔ ከወለድኩ ወዲህ ፀጉሬ እየረገፈ ነው። ሹሩባው ይሆን?

እህቴ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣው መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ ጀምሮ መላውን ራስ ያሳሳል። በግንባርና በጆሮ አካባቢ ብቻ ከሳሳና ከፊት ለፊቱ ቀጭን የፀጉር መስመር ከቀረ ግን ስበት ይጠረጠራል። ለረጅም ጊዜ ከተደጋገመ ሥሩ ጠባሳ ይዞ ላይበቅል ስለሚችል፣ የቆዳ ሐኪም ራስዎን በአካል ቢያይዎት ይሻላል።

ከሐይቅ፦ ጥምዝ ከጉንጉን ይሻላል?

ላላ ብሎ ያለ ዊግ ከተሠራ አዎን፤ ተስቦ ከታሰረ ግን ልዩነት የለውም።

ከደሴ፣ በድጋሚ፦ ሠሪዋ "በሁለት ቀን ይላላል" አለች። ይፈታ ወይስ ይቆይ?

ብዙ ሠሪዎች እንዲህ ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ሕመም በፎቶ ስለማይታይ ልጅቷን ቅንድቧን ወደ ላይ እንድታነሣ ይጠይቋት፤ ካመማት ወይም ሽፍታው መግል ከያዘ ከጆሮዋ በላይ ያሉት ሦስቱ ጉንጉኖች ዛሬውኑ ይፈቱ። ካላመማት የአናቱን እስር ብቻ ፈትተው ነገ በቀን ብርሃን፣ ያለ መብራትና ያለ ፊልተር፣ ከጎን ፎቶ ያንሷት። ቆዳው ተመልሶ ከተኛ ጥፋቱ የአስተሳሰሩ ነበር፤ እንደተነሣ ካደረ ግን የአጎነጓጎኑ ነው፣ መፈታትም አለበት።