ስለ ራስሽ ሳይሆን ስለ አንድ ስህተት ጻፊ

ጥያቄ፦ «የ5ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት ነኝ። ለትምህርት ቤታችን ዌብሳይት ራስሽን ለወላጆች አስተዋውቂ ተባልኩ። ሞቅ አድርጌ ስጽፈው ባዶ ይሆንብኛል፤ እውቀቴን ላሳይ ስል ደግሞ ሲቪ ይመስላል። እንዴት ላድርገው?»

እህቴ፣ እኛ ጋ የመምህራንን መግቢያ የማርመው እኔ ስለሆንኩ ይህን ችግር በደንብ አውቀዋለሁ። አብዛኛው መግቢያ «ልጆችን እወዳለሁ፣ ለሙያዬ ፍቅር አለኝ» ብሎ ይጀምርና በዲግሪ ዝርዝር ያልቃል። ወላጅ ሁለቱንም ዘሎ ያልፋል። ልጆችን አልወድም ብሎ የሚጽፍ አስተማሪ የለማ!

እኔ የምመክርሽ አንድ ነገር ነው። በትምህርትሽ ልጆች ደጋግመው የሚሠሩትን አንድ ስህተት ምረጪ። ለምን እንደሚሳሳቱና አንቺ ያኔ ምን እንደምታደርጊ ጻፊ። ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው ያስተማረ ሰው ብቻ ስለሆነ እውቀትሽ እዚያው ይታያል። ስለ ልጁ በምታወሪበት መንገድ ደግሞ ደግነትሽ ይታያል። ሁለቱን ለየብቻ መጻፍ አያስፈልግሽም።

ላንቺ ክፍል ክፍልፋይን እመርጥ ነበር። እንዲህ አድርጊው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ ልጅዎን ሒሳብ የማስተምረው እኔ ነኝ። በዚህ ክፍል ልጆችን በጣም የሚያደናግራቸው ክፍልፋይ ነው። 1/2 እና 1/3 ደምሩ ሲባሉ ብዙዎቹ 2/5 ይላሉ። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምረው ነው። ይህ ስንፍና አይደለም። እስከ ዛሬ በሙሉ ቁጥሮች የሠራላቸውን መንገድ ነው የተከተሉት። እኔም ወዲያው ስህተት ነው አልልም። 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብዬ እጠይቃለሁ። ያንሳል ይላሉ። ታዲያ ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ አነሰ? ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን መልስ፣ 5/6ን፣ ራሳቸው መፈለግ ይጀምራሉ። ልጅዎ ቤት ሲቸገር ስሌቱን ማወቅ አይጠበቅብዎትም። ‹መልስህ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?› ብለው ይጠይቁልኝ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በያት። ሒሳብ የሚፈራ ወላጅ ብዙ ነው። የቤት ሥራው ደብተር ሲወጣ ልቡ ድንግጥ ይላል። አንቺ ግን ትምህርቱን ሳያውቅ ሊጠይቀው የሚችለውን አንድ ጥያቄ ሰጠሽው። «በጋራ እንሥራ» ከሚለው አሥር መስመር ይልቅ ይህች ትሞቃለች።

የጋራ ታህት እንዴት እንደሚፈለግ ግን አትጨምሪበት። እዚያ ከገባሽ መግቢያው የመማሪያ መጽሐፍ ይሆናል። 5/6 የሚለው መልስ ይበቃል። እሱንም የምትጽፊው ለማጣራት የሚሞክር ወላጅ ስለማይጠፋ ነው። ላዕልና ታህት የሚሉትን ቃላትም ለክፍል አቆያቸው፤ ወላጅ «የላይኛው፣ የታችኛው» ሲባል ይገባዋል።

ዲግሪሽና የሥራ ዘመንሽ ከዚህ በታች በአንድ መስመር ይግቡ። አይደበቁ፣ ግን አይቅደሙ። ስልክ የትምህርት ቤቱ ይሁን እንጂ የራስሽን አታስቀምጪ፣ በኋላ እረፍት ታጫለሽ። በ«እርስዎ» ከጀመርሽም እስከ መጨረሻው በ«እርስዎ» ሂጂ። ግማሹን «ልጅዎ»፣ ግማሹን «ልጆቻችሁ» ያለ ጽሑፍ ከሁለት ቦታ የተቀዳ ይመስላል።

የሚበላሸው የት ነው? ስህተቱን ስትገልጪ ልጁ ላይ ከፈረድሽ። «ደካማ ተማሪዎች 2/5 ይላሉ» ያለ መግቢያ አርሜ አውቃለሁ። እያንዳንዱ ወላጅ ይህን የሚያነበው የራሱን ልጅ እያሰበ ነው። ጎበዞቹም እኮ ይሳሳታሉ፤ የለመዱት ደንብ አዲሱ ቦታ ላይ አልሠራ ስላላቸው ነው። ሌላው ደግሞ ክፍል ውስጥ የማታደርጊውን አትጻፊ። ልጁ ማታ ቤት ገብቶ «ቲቸር እንደዛ ብላ አታውቅም» ካለ አለቀ።

ሌላ ትምህርት የምታስተምሩም በዚሁ መንገድ መሄድ ትችላላችሁ። የሳይንስ መምህር ከሆናችሁ ለምሳሌ «ተክል ምግቡን ከአፈር ይበላል» የሚለው የልጆች እምነት አለላችሁ። ተክል ምግቡን ራሱ በቅጠሉ እንደሚሠራ፣ ከአፈር የሚወስደው ውኃና ማዕድን እንደሆነ ለማሳየት ምን እንደምታደርጉ ጻፉ።

ስትጨርሺ ለሥራ ባልደረባ አታሳዪው፤ እሱ የጎደለውን ከራሱ እውቀት ይሞላዋል። አስተማሪ ላልሆነ ወላጅ ስጪውና «ልጅህ ሲሳሳት ይቺ መምህርት ምን የምታደርግ ይመስልሃል?» ብለሽ ጠይቂው። «ጎበዝ ትመስላለች» ካለሽ ገና ነው። «ከግማሽ ይበልጣል ወይ ብላ ትጠይቀዋለች» ካለሽ ዌብሳይቱ ላይ ይውጣ።