ከንፈር የሚያደርቅ የከንፈር ቅባት

ወገኖቼ፣ ብርዱ ገብቶ ማሞቂያው ቀን ከሌት ሲበራ የቤት ውስጥ አየር ይደርቃል። ከንፈርም መሰንጠቅ ይጀምራል። ያኔ የከንፈር ቅባት ገዝተን ኪሳችን ውስጥ እንከታለን፤ በየሰዓቱ እያወጣን እንቀባለን። ግን አንዳንዱ ቅባት በተቀባ ቁጥር ከንፈሩን ይብስ ያደርቀዋል። «ሱስ አስያዘኝ፣ ካልተቀባሁ አልችልም» የሚሉ ብዙ አጋጥመውኛል። ቅባት ሱስ አያስይዝም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ውስጡ ከተጨመረው ነገር ነው።

የከንፈር ቆዳ ከፊታችን ቆዳ በጣም የሳሳ ነው። ሌላው ቆዳችን ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉት፤ ከንፈር ግን የራሱ ወዝ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውስጡ ያለው እርጥበት ቶሎ ተንኖ ያልቃል። ሌላም ነገር አለ፦ ከውጭ የነካው ነገር ቶሎ ዘልቆ ይገባል። እጃችሁ ላይ ብትቀቡት ምንም የማይላችሁ ቅባት ከንፈራችሁን ሊቆጠቁጥ የሚችለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙዎቹ ቅባቶች ውስጥ ሜንቶል፣ ካምፎር፣ የባሕር ዛፍ ዘይት ወይም ፔፐርሚንት አለ። ሲቀቧቸው ቀዝቀዝ፣ ንዝር ያደርጋሉ። ሰውም «አሃ፣ እየሠራ ነው» ይላል። ሜንቶል ግን ከንፈሩን አላቀዘቀዘውም፤ ቅዝቃዜን ለአንጎል የሚያሳውቁትን ነርቮች ነው የነካው። ስሜቱ እስኪጠፋ ድረስ ድርቀቱ የተረሳ ይመስላል። በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሲሆን ደግሞ እነዚህ ነገሮች ያስቆጣሉ። የተቆጣ ቆዳ እርጥበቱን መያዝ አይችልም፤ ይልጣል፣ ይደርቃል። ሲደርቅ እንደገና ይቀባል። ዙሩ እንዲህ ይቀጥላል። ፌኖልና ሳሊሲሊክ አሲድ ያለባቸውም አሉ። ሳሊሲሊክ አሲድ ቅርፊት የሚያነሳ ነገር ስለሆነ ገና ያልዳነውን ስስ ቆዳ አብሮ ይልጠዋል።

በዚህ ላይ ጣዕም ይጨመራል። ቫኒላ፣ ፍራፍሬ፣ ቀረፋ። ጣፋጭ የሆነ ከንፈር ይላሳል፣ ሳናውቀው ነው የምንልሰው። ምራቅ ለአፍታ ያርሳል፣ ከዚያ ተንኖ ሲሄድ ከንፈሩን ከበፊቱ ይብስ አድርቆት ይሄዳል። ምራቅ ውስጥ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች መኖራቸውንም አትርሱ። ልጆች ላይ ይህ በግልጽ ይታያል፦ በአፋቸው ዙሪያ ልክ ምላሳቸው እስከሚደርስበት ድረስ ቀይ ቀለበት ይሠራል። ለልጅ ጣዕም ያለው የከንፈር ቅባት አትግዙ፤ እኔ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

አንዲት የማውቃት እህት የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ብርዱ በገባ ቁጥር ከንፈሯ ይላጥ ነበር። አንድ ሚንት ያለው ቅባት ዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ፣ አንድ ቦርሳዋ ውስጥ፣ አንድ ትራሷ አጠገብ ነበራት። ከጀርባው የተጻፈውን አብረን አነበብን። የተለያዩ ሰሞች፣ ከዚያ ሜንቶል፣ ካምፎር፣ መጨረሻ ላይ አሮማ። ሦስቱንም አስቀምጣ በነጭ ቫዝሊን ብቻ እንድትቆይ መከርኳት፣ ሽታም ጣዕምም የሌለውን። ቀን ቀን ሲደርቅባት ትቀባለች፣ ከመተኛቷ በፊት ደግሞ ወፈር አድርጋ። መጀመሪያ ላይ «ምንም አይሰማኝም፣ የሚሠራ አይመስለኝም» አለችኝ። አለመሰማቱ ነው የተፈለገው። ቆይቶ መላጡ ቆመ። የላይኛው ከንፈሯ ጠርዝ ግን ቀላ ብሎ ማሳከኩን አልተወም። ቅላቱ ከከንፈሩ መስመር አልፎ ወደ ቆዳው ወጥቷል። ተራ ድርቀት ብዙውን ጊዜ ከከንፈር አይወጣም፤ ድንበሩን አልፎ የሚያሳክክ ከሆነ አለርጂ ወይም ሌላ የሚያስቆጣ ነገር መጠርጠር አለበት። ስንፈልግ የጥርስ ሳሙናዋ የቀረፋ ጣዕም ያለው ሆኖ ተገኘ። እሱን ስትቀይር ያም ለቀቃት። ቅባቱን ቀይራችሁ ለውጥ ካላያችሁ የጥርስ ሳሙናውንና ሊፒስቲኩን እዩ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ምን ይቀባ? ነጭ ቫዝሊን፣ ዕቃው ላይ ፔትሮላተም ተብሎ የሚጻፈው፣ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ውሃ አይጨምርም፤ ያለው እንዳይተን ይከድናል። አለርጂ የሚያስነሳበት ሰው በጣም ጥቂት ነው። ዲሜቲኮን፣ ሚኒራል ኦይልና ሺአ በተርም ጥሩ ናቸው። ሴራማይድ ያለበት ካገኛችሁ ደግሞ ቆዳው ራሱ የሚጠቀምበትን ቅባት ይመልስለታል። ግሊሰሪንና ሃያሉሮኒክ አሲድ ውሃ ይስባሉ፤ አየሩ ሲደርቅ ግን ከላይ የሚከድናቸው ነገር ከሌለ ብዙ አይረዱም። እነሱን ከቀባችሁ ቫዝሊን ደርቡበት። ሰም የበዛበት ደረቅ ስቲክ መጥፎ ባይሆንም ስስ ሽፋን ብቻ ትቶ ቶሎ ይለቃል፤ ለተሰነጠቀ ከንፈር ለስለስ ያለው ይሻላል።

«ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ጽሑፍ አያታልላችሁ። ፕሮፖሊስ ከንብ ቀፎ የሚገኝ ነው፣ ላኖሊንም ከበግ ሱፍ፤ ሁለቱም ግን አለርጂ ያለበትን ሰው ያስቸግራሉ። ላኖሊን ለብዙ ሰው ይስማማል፣ ስለዚህ ተስማምቷችሁ ከሆነ አትጣሉት። ከንፈሩ አልድን ያለው ሰው ግን ለጊዜው ይተወው። ዕቃ ስታነቡ ፓርፉም፣ ፍራግራንስ፣ አሮማ ወይም ፍሌቨር የሚል ካያችሁ መልሱት። «ሽታ የለውም» የሚባለውም አንዳንዴ ሌላውን ሽታ የሚሸፍን ሽቶ ይኖረዋል፤ «ሽቶ አልተጨመረበትም» የሚለውን ምረጡ። ለፀሐይ የምትፈልጉ ደግሞ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበትን ውሰዱ። ሌላው የፀሐይ መከላከያ፣ ኦክሲቤንዞን፣ ግን ቶሎ የሚቆጣውን ከንፈር ሊያውክ ይችላል።

አቀባቡም ቀላል ነው። ፊታችሁን ታጥባችሁ ከንፈራችሁ ገና እርጥብ እያለ ቀቡት። የተነሳውን ቅርፊት በጥርስ አትንቀሉ፤ ከስሩ ያለው ቆዳ አብሮ ይነሳል። የሚያስቆጣውን ካቆማችሁ አብዛኛው ከንፈር በሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይድናል።

ካልዳነ የቆዳ ሐኪም ይየው። የከንፈር ማዕዘን ላይ ብቻ የሚሰነጠቅ ቁስል ብዙ ጊዜ የፈንገስ ነው፤ ቫዝሊን ብቻውን አያድነውም። የታችኛው ከንፈር ላይ አንድ ቦታ ብቻ እየሻከረ፣ ቅርፊት እየያዘ የማይጠፋ ነገር ካለ ደግሞ ቀጠሮ አታዘግዩ፤ ፀሐይ የጎዳው ቆዳ ሊሆንና ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል። ስትሄዱ የምትጠቀሙበትን የከንፈር ቅባት፣ ሊፒስቲክና የጥርስ ሳሙና ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ አለርጂ ከጠረጠረ የተለያዩ ነገሮችን ጀርባ ላይ ለጥፎ ከሁለት ቀን በኋላ ያነሳቸዋል፣ ውጤቱንም ቀናት ቆይቶ እንደገና ያያል። የትኞቹን እንደሚለጥፍ ለመምረጥ ይዛችሁ የሄዳችሁት ይረዳዋል።