የቆርቆሮ ወጪና የኪራይ ግብር፦ የ2017ን ዓመት እናስላው

«ሀዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ግቢዬን አከራያለሁ። ዋናው ቤት በወር 9,000፣ ሁለቱ ሰርቪሶች 2,500፣ 2,500 ብር ናቸው። በ2017 አንዱ ሰርቪስ ሦስት ወር ባዶ ነበር። የዋናው ቤት ተከራይ ሮቶ በ18,000 ብር ገዝቶ አስገጠመና ከኪራዩ ላይ ቀነሰው። እኔ ደግሞ ለቆርቆሮ 46,000 ብር አውጥቻለሁ። የሂሳብ መዝገብ የለኝም። ቆርቆሮው ይቀነስልኛል? ግብሬስ ስንት ይመጣል?»

እህቴ፣ ቆርቆሮው ለብቻው አይቀነስልሽም። ግን አትደንግጪ፣ አልከሰርሽም። መዝገብ ለማይዝ አከራይ ሕጉ ከጠቅላላ ኪራዩ ላይ ግማሹን፣ ማለትም 50 በመቶውን፣ ለጥገና፣ ለእድሳትና ለእርጅና ብሎ ያለ ደረሰኝ ይቀንስለታል። ቆርቆሮሽ እዚያ ውስጥ ገብቷል። አንድ ብር ባታወጪም ግማሹ ይቀነስልሽ ነበር፤ መቶ ሺህ ብታወጪም ከግማሹ አይበልጥም። እኔም እዚሁ ከተማ ለዓመታት ስላከራየሁ፣ የቆርቆሮና የሚስማር ደረሰኝ በፌስታል ይዘው ገቢዎች መስኮት ላይ የሚከራከሩ ሰዎች በየሐምሌው ያጋጥሙኛል። ክርክሩ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ውጤት የለውም።

አሁን ገቢውን እንደምር። ዋናው ቤት 9,000 በ12 ወር 108,000 ብር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሮቶው የተገዛበት 18,000 እጄ አልገባም ብለሽ 90,000 ብቻ እንዳታስመዘግቢ። ተከራዩ የከፈለው በአንቺ ፈንታ ነው፣ ሮቶውም የግቢሽ ንብረት ሆኖ ቀርቷል፤ ስለዚህ እንደተቀበልሽው ኪራይ ይቆጠራል። ውላችሁ ላይ 9,000 ተጽፎ አንቺ የአሥር ወር ብቻ ብታስታውቂ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። በተቃራኒው፣ ለተከራዩ የምትመልሺው መያዣ ገቢ አይደለም፤ ለደረሰ ጉዳት ብለሽ አስቀርተሽው ሳታሠሪበት ከቀረሽ ግን ገቢ ይሆናል።

ዓመቱን ሙሉ የተከራየው ሰርቪስ 30,000፣ ሦስት ወር ባዶ የነበረው ደግሞ የዘጠኝ ወሩ 22,500 ነው። ድምሩ 160,500 ብር። ባዶ ለነበረው ጊዜ ግብር የለም፣ ግን ማስረጃ ያስፈልግሻል። የድሮው ተከራይ ሲወጣ የፈረማችሁት የውል ማቋረጫ ካለና የአዲሱ ውል የሚጀምርበት ቀን ከተጻፈ ክፍተቱ በግልጽ ይታያል። ያ ወረቀት ከሌለ 12 ወር ተባዝቶ ቢሰላብሽ ለማስተባበል ይከብድሻል። ኪራዩ በባንክ የሚገባልሽ ከሆነም የሂሳብ መግለጫውን አውጪና ያዢ።

ከ160,500 ላይ ግማሹ 80,250 ሲወጣ ግብር የሚከፈልበት 80,250 ይቀራል። ለከተማው የከፈልሽው ከቤቱ ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ክፍያ ካለ (ግብር ያልሆነ ማለቴ ነው) ደረሰኙን አቅርቢ፣ ከዚህ ላይ ይቀነሳል። 500 ብር ከፍለሻል እንበል፤ 79,750 ይሆናል።

በ2017 መደብ የመጀመሪያው 7,200 ብር ነጻ ነው። እስከ 19,800 ያለው በ10 በመቶ 1,260፣ እስከ 38,400 በ15 በመቶ 2,790፣ እስከ 63,000 በ20 በመቶ 4,920 ብር ይመጣል። የቀረው 16,750 በ25 በመቶ 4,187.50 ነው። ሲደመር 13,157 ብር ከ50 ሳንቲም። ባለሙያዎቹ በአጭሩ ሲሠሩት 79,750ን በ25 በመቶ አባዝተው 6,780 ይቀንሳሉ፤ መልሱ አንድ ነው።

መዝገብ ብይዝስ ትዪ ይሆናል። ቆርቆሮውና ሮቶው አንድ ላይ 64,000 ብር ናቸው፣ ከ80,250 ያንሳሉ። ሌላ ትልቅ ወጪ፣ ለምሳሌ የባንክ ወለድ፣ ከሌለብሽ ለ2017 ግማሹ ይሻልሽ ነበር። ደግሞም መዝገብ ከሐምሌ 1 ጀምሮ የሚያዝ ነገር ነው፤ ሰኔ ላይ ደረሰኝ ለቅሞ መዝገብ አለኝ ማለት አይቻልም።

ይህ ስሌት እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ለነበረው ኪራይ ብቻ ነው። በፌዴራሉ የ2017 ማሻሻያ መደቦቹ ተቀይረዋል፤ ስለዚህ ለ2018 ይህንን ሰንጠረዥ አትጠቀሚ፣ አዲሱን ከክፍለ ከተማሽ ገቢዎች ውሰጂ። የዓመት ገቢው ከ500,000 በታች የሆነ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ የ2017ን የሚያስታውቀው ከሐምሌ 1 እስከ 30 ነበር። ካለፈሽ ባልተከፈለው ላይ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ ቅጣት ይጨመራል፤ ወለዱ ለብቻው ነው። በአንቺ ሂሳብ የመጀመሪያው ወር ብቻ 658 ብር ገደማ ይመጣል።