የምረቃ ኮሚቴው ገንዘብ ሲቪ ላይ ሲገባ

«ሰላም ጋሼ። ሐምሌ 2017 በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፤ መውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። የምኖረው ደሴ፣ ሙጋድ ነው። ለባንክም ኮምቦልቻ ላሉ ፋብሪካዎችም ላመለክት ሲቪ ልጽፍ ስቀመጥ ‹የሥራ ልምድ› የሚለው ቦታ ላይ የምሞላው የለኝም። ያለኝ ለአራት ሆነን የሠራነው የመመረቂያ ጥናት፣ የፒችትሪ ኮርስና ሁለት ክረምት ልጆችን በነፃ ማስጠናት ነው። የክፍላችን የምረቃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥም ነበርኩ። ከ52 ተማሪ 1,500፣ 1,500 ብር ሰብስቤያለሁ። አንዴ ባንክ ላይ 3,000 ብር ትርፍ መጥቶብኝ ልታመም ነበር፤ ለካ ሁለት ልጆች በወላጆቻቸው ስም አስገብተው ነው። ይሄ ግን ሥራ አይባልም አይደል? ሲቪዬን ልኬልዎታለሁ፤ አይተው ይንገሩኝ።»

ሲቪሽን አየሁት። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ግማሹ ፆታ፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታና ዜግነት ነው። ከዚያ ማንም ሊጽፈው የሚችል የ«ዓላማዬ» አንቀጽ ይመጣል። ሁለተኛው ገጽ ላይ መናገር፣ መስማት፣ ማንበብ፣ መጻፍ የሚል የቋንቋ ሰንጠረዥ አለ። አማርኛሽ በአራቱም «እጅግ በጣም ጥሩ» ነው። ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን መመስከር የለበትም። የ52 ተማሪ ገንዘብ መያዝሽ ግን የትም የለም።

ጥያቄሽን ልመልስ። ሥራ አይባልም፣ ደሞዝ አልተከፈለሽበትም። ስለዚህ «የሥራ ልምድ» በሚል ርዕስ ሥር አታስገቢው። እዚያ ካስገባሽው ቀጣሪው የልምድ ደብዳቤ ይጠይቅሻል፣ የለሽም፣ የቀረውንም ገጽ በጥርጣሬ ያነበዋል። ርዕሱን «ፕሮጀክቶችና ኃላፊነቶች» በይውና ከትምህርትሽ ቀጥሎ አስቀምጪው። «የሥራ ልምድ» የሚለውን ርዕስ ደግሞ ጨርሰሽ አውጪው። ባዶ ርዕስ የሌለሽን ነገር አጉልቶ ከማሳየት በቀር ጥቅም የለውም።

አሁን ራሱን መስመሩን እንጻፈው። አብዛኛው ተመራቂ «የምረቃ ኮሚቴ አባል» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ምንም አይነግርም፤ ቲሸርት ያከፋፈለውም አባል ነው። አንቺ ያደረግሽውን በአካውንቲንግ ቋንቋ አስቢው። 52 በ1,500 ሲባዛ 78,000 ብር ነው። በስምሽ የተመዘገበ ኃላፊነት ነበረሽ፣ ገቢና ወጪ መዝግበሻል። ያ ልታመምበት ነበር ያልሽው ነገር ደግሞ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ይባላል። ተምረሽዋል፤ በእውነተኛ ገንዘብም ሠርተሽዋል። እንዲህ ይጻፍ፦

«ገንዘብ ያዥ፣ የክፍል ምረቃ ኮሚቴ። ከ52 ተማሪዎች የተሰበሰበ 78,000 ብር ገቢና ወጪ መዝግቤያለሁ። መዝገቡን ከባንክ ስቴትመንት ጋር በማስታረቅ የ3,000 ብር ልዩነት ምንጩን አግኝቻለሁ።»

በቃ። «ገንዘብ ያዥ» የሚለውን ወደ «አካውንታንት» አታሳድጊው። መጨረሻ ላይ ለክፍሉ የወጪ ሪፖርት አቅርበሽ ከሆነ አንድ መስመር ጨምሪ፤ ካላቀረብሽ አትጨምሪ።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨቀጭቅ ልንገርሽ። ቃለ መጠይቅ ላይ ጣታቸውን የሚያሳርፉት እዚህ መስመር ላይ ነው። «ልዩነቱን እንዴት አገኘሽው?» ይሉሻል። ያኔ እንደሆነው ተናገሪ። ባንክ ላይ የማላውቃቸው ሁለት ስሞች 1,500፣ 1,500 አስገብተዋል፤ እኔ ጋ ደግሞ ሁለት ተማሪዎች አልከፈሉም ተብለው ተመዝግበዋል፤ ደረሰኛቸውን አስመጥቼ ቀኑንና መጠኑን አመሳከርኩ፤ ከዚያ መዝገቤን አስተካከልኩ። ይህን በራስሽ አፍ ስትናገሪ ያጠናሽው መልስ አይመስልም፤ አይደለማ። ሲቪ ላይ ያለ መስመር ሁሉ እንዲህ ሲጠየቅ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ የሚያናግርሽ መሆን አለበት። የማያናግርሽን አውጪው።

በዚህ ዓይን የመመረቂያ ጥናቱን እንየው። ሲቪሽ ላይ ሦስት መስመር የሚፈጅ ርዕሱን ብቻ ነው የጻፍሽው። ስለ ደሴ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የሂሳብ አያያዝ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ግን ሥራው የአራት ሰው ነው። ርዕሱን አሳጥሪና አንቺ የሠራሽውን ለይተሽ ጻፊ። ሰኞ ገበያ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ መጠይቁን ያስሞላው ማን ነው? መልሱን ኤስፒኤስኤስ ላይ ያስገባው ማን ነው? አንቺ ከሆንሽ ስንት መጠይቅ እንደሆነ ቁጥሩን ጥቀሺ። ሪፖርቱን ብቻ ጽፈሽ ከሆነም «የውጤት ክፍሉን ጽፌያለሁ» በይ። «ሁላችንም ሁሉንም ሠራን» የሚል መልስ ቃለ መጠይቅ ላይ ያስቸግራል፤ ምንም አልሠራሁም ከማለት አይለይም።

ኮርሶችን በተመለከተ የትራንስክሪፕቱን ዝርዝር ሲቪ ላይ አትገልብጪ፤ ትራንስክሪፕቱን አያይዘሽ ትሰጫቸው የለም እንዴ። ከሥራው ጋር የሚገናኙ ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ። ፒችትሪንም «በጣም ጥሩ» ብለሽ ደረጃ አትስጪው። በእጅሽ የምትሠሪውን ጻፊ፦ አዲስ ድርጅት መክፈት፣ ግዢና ሽያጭ መመዝገብ፣ ትሪያል ባላንስ ማውጣት። አንዳንድ ቦታ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው «እስቲ አሳይን» ይላሉ። ስለዚህ ከማመልከትሽ በፊት ከፍተሽ ተለማመጂበት።

ባንክና ፋብሪካ ግን አንድ ዓይነት ሲቪ አይላክላቸውም። ይዘቱ ያው ነው፣ የሚቀያየረው ቅደም ተከተሉ ነው። ለባንክ የገንዘብ ያዥነቱ ከላይ ይሁን፤ ገንዘብ ቆጥሮ መረከብንና ልዩነት ማግኘትን የሚያሳይ ሌላ ነገር የለሽም። ኮምቦልቻ ለሚገኝ ፋብሪካ ስታመለክቺ ግን ኮስት አካውንቲንግና የዕቃ ክምችት ሂሳብ የሠራሽበትን የክፍል ፕሮጀክት ወደ ላይ አምጪው። የፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ጥሬ ዕቃ ከመጋዘን ሲወጣ በስንት ዋጋ እንደሚያዝ የገባውን ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ከሌለሽ ቢያንስ ኮርሱን ስሙን ጠርተሽ አስቀድሚው።

የክረምቱ ማስጠናት ከእነዚህ ቀጥሎ ይግባ፤ ሁለት መስመር ይበቃዋል። የትኛው ቀበሌ፣ የስንተኛ ክፍል ልጆች፣ ምን ትምህርት፣ የትኞቹ ሁለት ክረምቶች። የተሳትፎ ወረቀት ካልተሰጠሽ ሄደሽ ጠይቂ፤ ኃላፊው ሳይቀየር።

ሌላው ቶሎ ያልቃል። ከላይ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይልና «ደሴ» ይበቃል። ቀጥሎ ትምህርት፣ እዚያው መውጫ ፈተና ማለፍሽ። ነጥብሽን ማስታወቂያው ከጠየቀ ወይም ጥሩ ከሆነ ጻፊው። የቋንቋው ሰንጠረዥ አንድ መስመር ይሁን። የትርፍ ጊዜና የጋብቻው ይውጣ። ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ያልቃል። ስትልኪው በስልክ ፎቶ አንስተሽ አይሁን፤ ፒዲኤፍ አድርጊውና በስምሽ ሰይሚው።

አንድ ስህተት ግን ሳልነግርሽ አላልፍም፣ ብዙ ተመራቂ ላይ አየዋለሁ። ሲቪሽ በእንግሊዝኛ ሆኖ የተመረቅሽበት ዓመት «2017» ይላል። የአዲስ አበባው የፋብሪካ ቢሮ ወይም የውጭ ዜጋ ሥራ አስኪያጁ ካነበበው ተመርቀሽ ስምንት ዓመት ቤት የተቀመጥሽ ይመስለዋል። እንግሊዝኛው ላይ 2025 በይው፤ የሌሎቹንም ዓመቶች አብረሽ ቀይሪ። ግማሹ በኛ፣ ግማሹ በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ የባሰ ያደናግራል።

ምስክር ብለሽ ሦስት መምህራን ጽፈሻል። አስቀድመሽ ደውለሽ አስፈቅደሻቸዋል? የጥናቱ አማካሪሽ እዚያው ይቆይ፤ ከቀሩት በአንዱ ቦታ የምረቃ ኮሚቴውን ሲከታተል የነበረ መምህር ካለ እሱን አስገቢ። ስለ 78,000 ብሩ ሊመሰክር የሚችለው እሱ ነው።

አስተካክለሽ መልሰሽ ስትልኪልኝ የሥራ ማስታወቂያውንም አብረሽ ላኪ። የባንክ ይሁን የፋብሪካ ሳላውቅ የትኛው መስመር ከላይ ይሁን ልልሽ አልችልም።