ሱቁ የእኔ ከሆነ ብሩስ የማን ነው?

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ከከፈትኩ ሦስት ወር ሆነኝ። መስከረም መጀመሪያ ላይ በ160 ሺህ ብር ጀመርኩ። 130 ሺው ዕቃ፣ 30 ሺው ጥሬ ብር ነበር። በቀን በአማካይ 5,500 ብር እሸጣለሁ። ከ100 ብር ሽያጭ 10 ብር ገደማ ትርፍ አለው። የሱቅ ኪራይ፣ የአጋዤ ደሞዝ፣ መብራትና ትራንስፖርት ተደምሮ በወር 6,500 ይሆናል። የቤት ኪራዬን፣ ለወንድሜ የምከፍለውንና የመስቀልን ወጪ ያወጣሁት ከዚያው ከሱቁ መሳቢያ ነው። ግን አከፋፋዩ ሲመጣ የምከፍለው አጣለሁ። ኅዳር 30 ስቆጥር ዕቃ 96 ሺህ፣ ጥሬ ብርና ቴሌብር 11 ሺህ፣ ሰው ላይ ያለ ዱቤ 24 ሺህ አገኘሁ። የአከፋፋይ ዕዳ 15 ሺህ አለብኝ። በሳምንት 1,000 ብር የምጥለው ዕቁብ 12 ሳምንት ሆኖታል፣ ገና አልወጣልኝም። ሒሳብ የተማረ ጓደኛዬ ‹የሱቁንና የራስሽን ለዪ› ይለኛል። ሱቁ የእኔ ከሆነ ብሩስ የማን ነው? ከአንዱ ኪሴ ወደ ሌላው ማዛወር አይደለም? እውነቱን ለመናገር የምታግዘኝን የአክስቴን ልጅ መጠራጠር ጀምሬያለሁ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ከሕጉ ከጀመርን ልክ ነሽ። ንግድ ፈቃዱ በግል ስምሽ ከሆነ ሱቁና አንቺ አንድ ናችሁ። ሱቁ ዕዳ ውስጥ ቢገባ አበዳሪው የቤትሽን ንብረት ሊጠይቅ ይችላል። መሳቢያ መለየት ከዚህ አያድንሽም። ከዚህ የሚያድነው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ነው። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውንም እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ለአንድ የሰፈር ሱቅ ግን ዛሬ ወደዚያ አልልክሽም።

ታዲያ ለምን ትለያለሽ? ሱቁ አተረፈ ወይስ ከሰረ የሚለውን ለማወቅ። አሁን ይህን ማወቅ አትችዪም። ጥሩነቱ ኅዳር 30 ቆጥረሻል። ብዙ ሰው እሱንም አያደርገውም። ዕቃውን የቆጠርሽው በመግዣ ዋጋ እንደሆነ ልቁጠርና ቁጥሮችሽን አንድ ላይ እናስቀምጣቸው።

ዕቃ 96 ሺህ፣ ጥሬ ብርና ቴሌብር 11 ሺህ፣ ዱቤ 24 ሺህ፣ ዕቁብ ላይ ያለ 12 ሺህ። ድምሩ 143 ሺህ ነው። ከዚህ የአከፋፋዩን 15 ሺህ ቀንሺ። 128 ሺህ ይቀራል። የጀመርሽው በ160 ሺህ ነበር። በሦስት ወር ካፒታልሽ በ32 ሺህ ብር ቀንሷል ማለት ነው።

ዕቁቡን ከሱቁ ንብረት ጋር የደመርኩት ከመሳቢያው ስለተጣለ ነው። አልተበላም፣ ሰብሳቢው ዘንድ ተቀምጧል። ግን ሲወጣልሽ ተመልሶ ወደ ሱቁ መግባት አለበት። ሲወጣ ለቤት ዕቃ ወይም ለሌላ ነገር የምታውዪው ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ከራስሽ ድርሻ ጣዪ። እዚህ ሰፈር ያየኋቸው ሱቆች ብዙዎቹ የሚሳሳቱት ዕቁብ ላይ ነው። ሱቁ ይጥላል፣ ቤቱ ይወስዳል።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ እንሂድ። ሱቁ ራሱ ከስሯል ወይ? በቀን 5,500 ከሸጥሽ በወር 165 ሺህ ነው። አንድ አስረኛው ትርፍ ከሆነ 16,500 ብር ይመጣል። 6,500 የሱቁ ወጪ ሲወጣ 10 ሺህ ይቀራል። በሦስት ወር 30 ሺህ። ስለዚህ ሱቁ አልከሰረም፣ እያተረፈ ነው።

እያተረፈ ካፒታሉ ለምን ቀነሰ? ሱቁ 30 ሺህ ጨመረ፣ ሒሳቡ ግን በ32 ሺህ ወረደ። ሁለቱ ሲደመሩ 62 ሺህ ብር ከሱቁ ወጥቷል። በወር ከ20 ሺህ በላይ ነው። ሱቁ 10 ሺህ እያገኘልሽ አንቺ እጥፉን እየወሰድሽ ነው። ትርፉን ጨርሰሽ ካፒታሉን ጀምረሻል። አከፋፋዩ ሲመጣ ብር የሚያጥረውም በዚህ ነው። የምትከፍዪው ብር የቤት ኪራይ ሆኖ ወጥቷል።

ሽያጩ ለምን እንዳታለለሽ ይገባኛል። በቀን 5,500 ብር እጅሽ ላይ ሲገባ 5,500 ያገኘሽ ይመስልሻል። ከዚያ ውስጥ 4,950ው የሚቀጥለው ጆንያ ስኳር፣ የሚቀጥለው ካርቶን ዘይትና ሳሙና ዋጋ ነው። ያንቺ 550 ነው። ከእሱም የሱቁ ወጪ ይወጣል።

አሁን ወረቀት አውጪና 62 ሺው የት እንደገባ ጻፊ። የቤት ኪራዩን፣ የወንድምሽን ክፍያ፣ የመስቀሉን ወጪ ታስታውሺያለሽ። የሦስቱ ድምር ለምሳሌ 32 ሺህ ቢሆን 30 ሺህ ያለ ስም ይቀራል። ለ90 ቀን ሲካፈል በቀን 333 ብር ነው። አንድ ዘይት ወደ ቤት፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር ለእናት፣ ባጃጅ፣ ቡና፣ «ይቺን ያዝ» ተብሎ ለጎረቤት ልጅ የተሰጠ ብስኩት። እያንዳንዱ ትንሽ ነው። ማንም እንደ ወጪ አይቆጥረውም፣ ማንም አይጽፈውም።

የአክስትሽን ልጅ በተመለከተ ቆም በዪ። እንዲህ በተቀላቀለ መሳቢያ ሌባ አይታወቅም። ብር ሲጎድል አራት ነገር ሊሆን ይችላል። አንቺ ወስደሽ ረስተሻል፣ ዱቤ ሳይጻፍ ሄዷል፣ መልስ በትርፍ ተሰጥቷል፣ ወይም እሷ ወስዳለች። የመጀመሪያውን ሳታስወግጂ አራተኛውን መናገር ትክክል አይደለም። ዝምድናም ይበላሻል። መለያው ማታ ማታ የሚደረግ ቆጠራ ነው። ጠዋት መሳቢያው ውስጥ የተውሽው ዝርዝር ብር፣ ሲደመር የቀኑ ጥሬ ሽያጭ፣ ሲደመር ከዱቤ የተከፈለሽ፣ ሲቀነስ ለዕቃና ለወጪ የወጣው። ማታ በእጅሽ ያለው ከዚህ ጋር መግጠም አለበት። በየቀኑ 20 እና 30 ብር ከፍና ዝቅ ቢል የመልስ ስህተት ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ በየሳምንቱ እየጎደለ ከሄደ ያኔ ትጠይቂያለሽ። ይህ የሚሠራው ግን አንቺ ራስሽ እጅሽን ከመሳቢያው ስታወጪ ነው።

እንዴት ታወጪያለሽ? ለራስሽ ደሞዝ ቁረጪ። ሱቁ በወር 10 ሺህ ካተረፈ ለጊዜው 7 ሺህ ውሰጂ። በሳምንት 1,750 ብር፣ ቅዳሜ ማታ፣ ከቆጠራ በኋላ። 3 ሺው ሱቁ ውስጥ ይቀመጣል። ለምን ሙሉውን አልወስድም ትዪኝ ይሆናል። ዛሬ የሸጥሽውን ዕቃ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ዋጋ አታገኚውም። ዋጋው ሲጨምር ያው ብር ያነሰ ካርቶን ይገዛል። ሐምሌ ላይ ግብርም አለ። የግል ወጪ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ አይቀነስም። ለራስሽ የቆረጥሽው ደሞዝም እንደ ሱቁ ወጪ አይያዝልሽም። በደብተርሽ ላይ ደሞዝ ብትዪው ለግብር ሲሆን የባለቤት የግል ወጪ ነው።

ከመደርደሪያ ወደ ቤት የምትወስጂውን ዕቃ በሌላ ደብተር ጻፊው፣ በመግዣ ዋጋ። ሽያጭ ብለሽ እንዳትጽፊው። ያልገባ ብር ሽያጭ ተብሎ ከተጻፈ ማታ መሳቢያው ይጎድላል፣ አንቺም እንደገና ልጅቷን ትጠረጥሪያለሽ። ቅዳሜ ደሞዝሽን ስትወስጂ የዕቃውን ዋጋ ቀንሰሽ ቀሪውን ውሰጂ።

ሌላው ስልክሽ ነው። ደንበኛ የሚልክልሽ ቴሌብር በራስሽ ስልክ ከገባ፣ ዘመድ የሚልክልሽም እዚያው ከገባ፣ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ወንድም ከውጭ 10 ሺህ ቢልክልሽ መሳቢያው የጠገበ ይመስላል፣ ቀዳዳውም ለአንድ ወር ይሸፈናል። ለሱቁ የተለየ የነጋዴ ቴሌብር አካውንትና የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቺ። ከግልሽ ወደ ሱቁ ብር ስታስገቢ «ከባለቤት የተጨመረ» ብለሽ ጻፊ። ግብር ሰብሳቢው የባንክ ሒሳብሽን ቢያይና ይህ ሁሉ ሽያጭ ነው ቢል፣ አይደለም ብሎ የማስረዳት ሸክሙ በግብር ከፋዩ ላይ ነው። የተለየ ሒሳብ ካለሽ ማስረዳቱ ቀላል ነው።

ዱቤውንም ሳላነሳው አላልፍም። 24 ሺህ ብር ለአንቺ ሱቅ ብዙ ነው፤ ከአራት ቀን ሽያጭ ይበልጣል። ከገጠር የሚመጡት ደንበኞችሽ ገብስ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ ይከፍሉ ይሆናል። የከተማው ደንበኛ ግን መከር አይጠብቅም። የሁለቱን ስም ለይተሽ ጻፊ፣ ከከተማው ጀምረሽ ጠይቂ። የዘመድ ዱቤ የማይመለስ ከሆነ ዱቤ አትበዪው። ከራስሽ ደሞዝ ቀንሰሽ ስጦታ በዪው።

አሁን የሚከብደውን ልንገርሽ። የቤትሽ ወጪ በእርግጥ በወር 20 ሺህ ከሆነ ይህ ሱቅ በዚህ መጠን አይችለውም። መለየት ይህን አይቀይረውም፣ ያሳይሻል እንጂ። 15 ሺህ ለቤት ለመውሰድና 3 ሺህ ለማስቀረት ብቻ፣ 6,500 ወጪ ሲጨመር፣ በወር 24,500 ጠቅላላ ትርፍ ያስፈልግሻል። ይህም በቀን ወደ 8,200 ብር ሽያጭ ነው። ከ5,500 ወደዚያ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ዕቃ መጨመርም ይፈልጋል፣ እሱን ደግሞ የምትገዢው አሁን እየቀነሰ ባለው ካፒታል ነው። ስለዚህ እስከ ፋሲካ ድረስ የወንድምሽን ክፍያ ሌላ ዘመድ እንዲካፈልሽ ጠይቂ፣ ወይም በሙያሽ የምትሠሪው የግማሽ ቀን ሥራ ካለ ያዢ። ልጅቷ ሱቁን ከጠዋት እስከ ምሳ ልትይዝልሽ ትችላለች። የማታው ቆጠራ እስካለ ድረስ አያስፈራም።

ታኅሣሥ 30 ማታ ሱቁን ስትዘጊ ያንኑ ቆጠራ ድገሚው። ዕቃ በመግዣ ዋጋ፣ ጥሬ ብርና ቴሌብር፣ ዱቤ፣ ዕቁብ፣ ሲቀነስ ዕዳ። በተቀመጠው ደሞዝ ከጸናሽ ከ128 ሺህ ወደ 131 ሺህ መጠጋት አለበት። 131 ሺህ አካባቢ ከሆነ ደሞዙን እንዳለ አቆዪው። ከ128 በታች ከወረደ ግን የቤት ደብተርሽንና የማታ ቆጠራዎችሽን ይዘሽ ጻፊልኝ፣ የት እንደሄደ አብረን እንፈልገዋለን።