ፋጉሎ ሲወደድ የጭድ ጉድጓድ

«ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ዳርቻ ነው የምንኖረው። እኔና ባለቤቴ ለፋሲካ የሚደርሱ ሦስት ወይፈኖች ገዝተናል። የስንዴ ጭድ በሽ ነው፤ ፋጉሎ ግን ከአቅማችን በላይ ሆነ። በጭድ ማደለብ ይቻላል? ልምድ ያላችሁ ንገሩን።»

እህቴ፣ በደረቅ ጭድ ብቻ ሆዳቸው ይሞላል እንጂ ጎናቸው አይሞላም። ጭዱን በዩሪያ አክሚው። የታከመ ጭድ ፕሮቲኑ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ስለሚለሰልስም ወይፈኑ አብዝቶ ይበላዋል። እኔ በየዓመቱ ለፋሲካ ሰንጋ የማወጣው በዚህ ነው።

1. መጠኑን አትለዋውጪ። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ ይሟሟል። ሦስቱ ወይፈኖች በቀን አምስት አምስት ኪሎ ቢበሉ ለሦስት ሳምንት ከ300 ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ ጭድ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ወደ 300 ኪሎ የሚይዙ፣ ሁለት ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ተኩል ስፋትና አንድ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ሁለት ጉድጓዶች ቆፍሪ። አንዱ ሲበላ ሌላው ይበስላል። ውስጡን ፕላስቲክ አልብሺው፤ ጭዱን ስስ አድርገሽ እየነሰነስሽ ውኃውን በአትክልት ማጠጫ አርከፍክፊበት፤ ከዚያ በእግር ርገጪው፤ እንደገና ሌላ ድርብ። መጨረሻ ላይ ሸፍነሽ ዳር ዳሩን አፈር ጫኚበት። በአዳማ ሙቀት 21 ቀን ይበቃዋል።

2. ዩሪያው ከየት ይመጣል? እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ላይ ነው። ማዳበሪያ ወደሚያከፋፍለው ቢሮ ደጋግሜ ተመላለስኩ። በመስኮቱ ያለው ሰው «ዩሪያ ለመሬት ነው፤ ለበሬ ማዳበሪያ ስንሰጥ አይተሃል?» ብሎ ሰው እየሰማ አሳቀብኝ። ጭድ በዩሪያ ማከም የግብርና ባለሙያዎች ራሳቸው ለገበሬ የሚያስተምሩት ሥራ ነው! ያንን ሰው ማስረዳት ግን ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ሆነብኝ። መፍትሔ የሆነኝ የቀበሌው የእንስሳት ባለሙያ ነበር፤ ለምን ሥራ፣ ለስንት ከብት፣ ስንት ኪሎ እንደሚያስፈልገኝ በደብዳቤ ጻፈልኝ። ያው ሰው ደብዳቤውን ሲያይ ድምፁን ሳያሰማ ፈረመ። አንቺም ደብዳቤውን ሳትይዢ አትሂጂ። ለአንድ ቶን ጭድ አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ይበቃሻል፤ ከዚያ በላይ አትለምኚ።

ጉድጓዱ ሲከፈት ጭዱ ወደ ቡናማ ያደላ ወርቃማ ሆኖ፣ በእጅ ሲጠመዘዝ ሳይሰበር የሚታጠፍ ከሆነ፣ ሽታውም ዓይን የሚያስለቅስ ከሆነ ተሳክቷል። የሻጋታ ሽታ ብቻ ካለው አየር ገብቶበታል ማለት ነው። ነጭ ወይም ጥቁር ሻጋታ የያዘውን ለይተሽ ጣዪ፤ ለከብት አይሰጥም።

ከጉድጓድ የወጣ ጭድ ወዲያው አይበላም። የነገውን ዛሬ አውጥተሽ ሌሊቱን ጥላ ሥር አናፍሺው። አንድ ጎረቤቴ ነጋዴ አስቸኩሎት ጠዋት ዩሪያ ረጨበት፤ ማታ አበላ። የተሻለው ወይፈኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አፉ አረፋ ደፈቀ፤ ሆዱ ተነፍቶ ከመንጋቱ በፊት ሞተ። የሦስት ወር ልፋት በአንድ ሌሊት። እንዲህ ያለ ምልክት ካየሽ የእንስሳት ሐኪም እስኪደርስ ኮምጣጤ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ አጠጪው። የዩሪያ ከረጢቱንና የተረፈውን ውኃ ከብት ከማይደርስበት ቆልፊ። ለጥጃም የታከመ ጭድ አትስጪ።

ሞላሰስ ከወንጂ በኩል ስለሚገኝ አብሮ መቅበር የሚያምራቸው አሉ። ፈጽሞ አታድርጊው! ስኳርና የዩሪያው አሞኒያ ታፍነው ሲቆዩ ከብትን የሚያሳብድ መርዝ ይፈጠራል። ሞላሰሱን ጭዱ ከተናፈሰ በኋላ በውኃ አቅጥነሽ ርጪው፤ መጀመሪያ ሰሞን ጭዱን ሲጠየፉም የሚያስለምዳቸው እሱ ነው። ለአንድ ሳምንት ካልታከመው ጋር እየቀላቀልሽ አለማምጂያቸው።

ፋጉሎውን ጨርሰሽ አትተዪ። 250 ኪሎ ለሚሆን ወይፈን ከጭዱ ሌላ በቀን ሁለት ኪሎ ፉርሽካና አንድ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ ጨውና ያልተቋረጠ ውኃ ስጪ። ፋጉሎ ስትገዢ ከየከረጢቱ ጭብጥ ወስደሽ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ በጥብጪው፤ አሸዋ ከተቀላቀለበት ከታች ይዘቅጣል። እኔ ነጋዴው ፊት ነው የምበጠብጠው። ቢቆጣም ይቆጣ!

የመጀመሪያው ጉድጓድ እስኪከፈት ያልታከመውን ጭድ ከፉርሽካውና ከፋጉሎው ጋር እየሰጠሽ ቆዪ። የመጀመሪያውን ጉድጓድ በዚህ ሳምንት ሙዪ፤ ሁለተኛውን ደግሞ የመጀመሪያው ተከፍቶ መበላት በጀመረ ቀን ሙዪ፤ አለዚያ መሀል ላይ ጭድ ያልቅብሻል።