ደረሰኝ ሳይኖር «ንብረቱ የኔ ነበር» ማለት

«የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስንመለስ ቤታችን ተሰብሮ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥንና የሠርግ ወርቄ ተወስዶ አገኘን። የተከራይ ኢንሹራንስ አለን፤ እነሱ ግን ማስረጃ አምጪ ይሉኛል። ደረሰኝ አንድም የለኝም፤ ወርቁማ ከአዲስ አበባ በስጦታ የመጣ ነው። የደረሰባችሁ ካላችሁ ምን አደረጋችሁ?»

እህቴ፣ አይዞሽ። እኛም አሌክሳንድሪያ ሳለን የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መስኮቱ ተሰብሮ ጠበቀን። የሄደብንም ካንቺ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥንና የባለቤቴ ወርቅ።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልንገርሽ። ከጭንቀት ብዛት በዚያው ሳምንት ዝርዝሩን ከጭንቅላቴ ጻፍኩና «ላፕቶፕ 1,500፣ ቴሌቪዥን 1,000፣ ወርቅ 6,000 ዶላር» ብዬ ላክሁ። ሁሉም የተጠጋጋ ቁጥር፣ ሞዴል የለው፣ የተገዛበት ዓመት የለው። የኢንሹራንሱን ክፍያ ጥያቄያችንን የሚመረምረው ሠራተኛ፣ አድጀስተሩ፣ በትሕትና መለሰልኝ፤ ባለቤትነቱንና ዋጋውን የሚያሳይ ነገር ላክ አለኝ። እኔ «ደረሰኝ» እንዳለኝ ቆጠርኩት። ደብዳቤውን ደግሜ ሳነበው ግን ደረሰኝ የሚል ቃል አልነበረበትም። የተጠየቅሁት ሁለት የተለያየ ነገር ነው፦ ዕቃው እኛ ቤት እንደነበር፣ እና ምን ያህል እንደሚያወጣ። ደረሰኝ ሁለቱንም ባንድ ወረቀት ይመልሳል፤ እሱ ከሌለ ለየብቻ መመለስ ነው።

ላፕቶፑን ላስቀድም፤ ቀላሉ እሱ ነው። የኛ የአፕል ስለነበር account.apple.com ገብቼ Devices የሚለውን ስከፍት ሞዴሉና Serial Number ተጽፎ አገኘሁት። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፤ ብዙ ሰው ደንግጦ የተሰረቀውን ዕቃ ከአካውንቱ ያጠፋዋል። ካጠፋሽው ከዝርዝሩ ይወጣል፣ ለሌባውም መቆለፊያውን ትከፍቺለታለሽ። የጠፋ መሆኑን አመልክቺ እንጂ አታስወግጂው፤ ገጹንም በስክሪንሾት ያዢ። ዋጋውን ያገኘሁት ከባንክ ስቴትመንት ነው። የዛሬ ስንት ዓመት እንደገዛሽው ካስታወስሽ ወሩን ፈልጊ፤ ኦንላይን ካላገኘሽው ባንኩን ጠይቂ፤ በሕግ ብዙውን የሒሳብ መዝገብ 5 ዓመት ማቆየት አለባቸው። ስቴትመንቱ የሱቁን ስምና ድምሩን እንጂ ዕቃውን አይናገርም። ስለዚህ ሱቁ ሄጄ ቀኑን፣ ድምሩንና የካርዴን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ስሰጣቸው ደረሰኙን እንደገና አተሙልኝ። በአባልነት ካርድ ወይም በስልክ ቁጥር ከገዛሽ ደግሞ የበለጠ ይቀላል።

ቴሌቪዥኑ በጥሬ ገንዘብ የተገዛ ነበር፤ ያዳነን ሌባው ትቶት የሄደው ነገር ነው። ሪሞቱ ሶፋው ላይ ቀርቷል፤ ግድግዳው ላይ ማንጠልጠያው ከነብሎኑ አለ። ቤቱን ሳናጸዳ ፎቶ አነሳናቸው። ከዚያ የልጃችንን ልደት ፎቶ ፈልገን ከኬኩ ኋላ ቴሌቪዥኑ ከነምልክቱ የሚታይበትን አገኘን። አንቺም ቻርጀር፣ ካርቶን፣ መመሪያ ወረቀት ካለ አትጣዪ። ፎቶውን ስትልኪ ደግሞ ከዋትሳፕ ወይም ከቴሌግራም ላይ ወስደሽ አትላኪ፤ እንደ ተራ ፎቶ ተልኮ ሲመጣ ቀኑን የያዘው የውስጥ መረጃ ተነቅሎ ነው የሚመጣው። ያነሳው ሰው ስልክ ላይ ያለውን ዋናውን ፋይል በኢሜይል አስልኪ። ዋጋውን በተመለከተ ያንኑ ሞዴል ወይም ተመጣጣኙን ዛሬ ሱቅ የሚሸጥበትን ገጽ አያይዘን «በግምት» ብለን ጻፍን፤ ተቀበሉት።

አሁን ወደ ወርቁ፤ ያንገበገበኝ እሱ ነው። የሠርጉን ቪዲዮ አገላብጠን ሐብሉና አምባሮቹ ጎልተው የሚታዩበትን ቦታ ለየን። አማቴ ከአዲስ አበባ ምን ሰጥታ እንደነበርና መቼ እንደሆነ በፊርማዋ ጽፋ ላከች። ፒያሳ ያሠራችበት ወርቅ ቤት ግራሙንና ካራቱን በማኅተም ጻፈልን። እዚህ ደግሞ ለወርቅ ገማች 150 ዶላር ከፍለን ከፎቶና ከግራሙ ተነሥቶ 5,800 ዶላር የሚል ወረቀት ሰጠን። ሦስት ሳምንት ፈጀ። አድጀስተሩ ሁሉንም አምኖ ተቀበለና 1,500 ዶላር እንደሚከፍሉ ነገረን።

ብዙ የተከራይ ውሎች ለተሰረቀ ጌጣጌጥ የተለየ ጣሪያ አላቸው፤ የተለመደውም 1,500 ነው። ለየብቻ አስመዝግበሽ ተጨማሪ ካልከፈልሽበት፣ ወርቁ የስድስትም ይሁን የሃያ ሺህ ያው ነው። ስለዚህ ማንንም ከማስቸገርሽ በፊት የውልሽን ፋይል ክፈቺና Special Limits of Liability የሚለውን ፈልጊ። ጣሪያው 1,500 ከሆነ የሠርጉ ፎቶና ወርቁን የሰጠሽ ሰው ደብዳቤ ሊበቃ ይችላል፤ ለገማች ከመክፈልሽ በፊት አድጀስተሩን ጠይቂው። ወርቅሽን አስመዝግበሽው ከነበር ግን እኛ የሄድንበትን መንገድ ሁሉ ሂጂ።

ክፍያው እኛ ላይ እንዲህ ተሰላ። ላፕቶፑ 1,200 ዶላር የተገዛ፣ ሁለት ዓመት ያገለገለ ነበር፤ ዕድሜውን አምስት ዓመት ይዘው 480 ቀነሱና 720 አሉት። ቴሌቪዥኑ ከ600 ላይ 180 ተቀንሶ 420 ሆነ። ከወርቁ 1,500 ጋር 2,640፤ ከዚያ የራሳችን ድርሻ የሆነው 500 ዲዳክቲብል አንድ ጊዜ ብቻ ተነሣለትና 2,140 ላኩልን። ውላችን በአዲስ የመተካት ስለነበር፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ገዝተን የአዲሱን ደረሰኝ ስናስገባ የተቀነሰውን 660 መለሱ። ለዚህም ቀነ ገደብ አለው፤ ውልሽ ላይ እዪው።

ሁለት ነገር ልጨምር። የፖሊስ ሪፖርቱን ቅጂ አውጥተሽ ለኢንሹራንስ ከሰጠሽው ዝርዝር ጋር አስተያዪው። እኛ በዚያ ሌሊት ድንጋጤ አምባሮቹን ሳናስመዘግብ ቀርተን «ለምን እዚህ የሉም?» ተብለናል። በኬዝ ቁጥሩ ደውለሽ ማሟያ ሪፖርት ማስገባት ይቻላል፤ ሳይጠይቁሽ አድርጊው።

ሌላው፣ በመሐላ የሚፈረም የኪሳራ መግለጫ ቅጽ ሊልኩልሽ ይችላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጠየቁበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው ያለሽ። የማታውቂውን ዋጋ «አላውቅም፣ በግምት» ብለሽ ጻፊ። አንዳንድ ወዳጅ «እግረ መንገድሽን ቦርሳም ጨምሪበት» ይልሻል፤ አትስሚው። አንድ የውሸት ዕቃ ከተገኘ እውነተኛውንም ጭምር ላለመክፈል ውሉ መብት ይሰጣቸዋል።

ይህን ሁሉ አስገብተሽ አሁንም «ደረሰኝ ብቻ» ካሉሽ፣ ውሉ የትኛው አንቀጽ ላይ እንዲህ እንደሚል በጽሑፍ እንዲነግሩሽ ጠይቂ። መልሱ ካላረካሽ ሜሪላንድ ስለሆንሽ ለሜሪላንድ ኢንሹራንስ አድሚኒስትሬሽን በነጻ አቤት ማለት ትችያለሽ፤ ኩባንያው ለነሱ የመመለስ ግዴታ አለበት። ውሉ ላይ የጌጣጌጡ ጣሪያ ስንት እንደሚል ስታገኚው እዚሁ ጻፊልኝ፣ የወርቁን ነገር አብረን እናየዋለን።